ስፕሬዱ ደህና ነበር፤ ከኋላው ግን ባዶ ነበር

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ 673 ዶላር ከኪሴ አይወጣም ነበር ብዬ ስለማምን ነው። ገንዘቡ የጠፋው ገበያው ስለወረደ አይደለም። የገዛሁት ክሪፕቶ ቶከን ዋጋ ከመግዛቴ በፊት 2 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ከሸጥኩ በኋላም ብዙ ሳይቆይ እዚያው ተመለሰ። ያከሰረኝ በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ የጻፍኩት ፕሮግራም፣ የራሴ ቦት ነው፤ ሁሉም ነገር ያለቀው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

በቀን ጥቂት ግብይት ብቻ የሚካሄድበትን አንድ ክሪፕቶ ቶከን የሚገዛና የሚሸጥ ቦት ጻፍኩ። የኤፒአይ ቁልፍ ማውጣቱ፣ ዋጋ ማንበቡ፣ ትዕዛዝ መላኩ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር። ስለዚያ ብዙ የሚባል የለም።

ጥንቃቄም አድርጌ ነበር። ቦቱ ከመግዛቱ በፊት ስፕሬዱን ያያል። ስፕሬድ ማለት ገዢዎች በሚሰጡት ከፍተኛ ዋጋ፣ ማለትም በቢዱ፣ እና ሻጮች በሚጠይቁት ዝቅተኛ ዋጋ፣ ማለትም በአስኩ፣ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያን ቀን ቢዱ 1.98፣ አስኩ 2.02 ነበር። ልዩነቱ የመካከለኛው ዋጋ 2 በመቶ ነው። እኔ ገደቡን 3 በመቶ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ቦቱ ችግር አላየም። 1,000 ቶከን በማርኬት ኦርደር፣ ማለትም የዋጋ ገደብ ሳይኖረው በተገኘው ዋጋ ወዲያው በሚፈጸም ትዕዛዝ፣ አዘዘ።

ስፕሬድ የሚናገረው ስለ ኦርደር ቡኩ፣ ማለትም የገዢና የሻጭ ትዕዛዞች በዋጋ ተራ ስለተደረደሩበት ዝርዝር፣ የመጀመሪያ ረድፍ ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ ስንት እንዳለ፣ ከኋላውስ ማን እንደቆመ አይናገርም። ትዕዛዜ ምን እንዳገኘ በኋላ ከግብይት ዝርዝሬ አየሁት። በ2.02 የነበረው 120 ቶከን ብቻ ነው። ቀጥሎ በ2.05 200 አገኘ። ከዚያ ዋጋው ይዘል ጀመር፤ በ2.20 180፣ በ2.60 300፣ የመጨረሻውን 200 ደግሞ በ3.10 ገዛ። ተደምሮ 2,448.40 ዶላር ከፈልኩ። 2 ዶላር ገደማ እገዛለሁ ብዬ አንዱን በአማካይ በ2.45 ገዛሁት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቢቆም እንኳ ደግ ነበር። ያልቆመበትን ምክንያት ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቦቱ ትርፍና ኪሳራዬን የሚያሰላው በመጨረሻው የግብይት ዋጋ ነበር። የመጨረሻው ግብይት ደግሞ የራሴው ነው፤ 3.10። ቦቱ በ2.45 ገዝቶ ዋጋው 3.10 ላይ መሆኑን ሲያይ ከ26 በመቶ በላይ አተረፍኩ ብሎ ደመደመ። 5 በመቶ ሲያተርፍ እንዲሸጥ አዝዤው ስለነበር ወዲያው ሁሉንም በማርኬት ኦርደር ሸጠ። በ3.10 የሚገዛ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ገዢዎቹ የነበሩት ታች ነው። 150 በ1.98፣ 250 በ1.95፣ 300 በ1.80፣ ቀሪውን 300 በ1.50 ወሰዱት። እጄ የገባው 1,774.50 ዶላር ነው። ልዩነቱ 673.90፤ ኮሚሽኑ ሳይቆጠር።

ለመገበያያው ድርጅት ጻፍኩ። መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ፤ ትዕዛዙ በደንቡ መሠረት ተፈጽሟል፣ በቃ። እውነታቸውን ነው፤ ደንብ አልጣሱም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነገር ነው። የራሳቸው መመሪያ ማርኬት ኦርደር “ባለው ምርጥ ዋጋ ወዲያው ይፈጸማል” ይላል፤ ለጀማሪም ቀላሉ እሱ ነው ብሎ ይመክራል። ያ ምርጥ ዋጋ 120 ቶከን ላይ ሊያልቅ እንደሚችል የሚናገር አንድ መስመር የለም። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ግብይት በሌለበት ገበያ ቦት ማርኬት ኦርደር የሚባል ነገር ጭራሽ ማወቅ የለበትም። ከኮዱ አውጡት።

አሁን ቦቴ ከማዘዙ በፊት ኦርደር ቡኩን ረድፍ በረድፍ እየወረደ፣ የምፈልገው መጠን በእውነት በስንት እንደሚገዛ ያሰላል። ኮዱ ይቺ ናት፦

```python
def fill_price(levels, qty):
    left, cost = qty, 0.0
    for price, size in levels:
        take = min(left, size)
        cost += take * price
        left -= take
        if left <= 0:
            return cost / qty
    return None
```

`None` ከመለሰ የመጣው ዝርዝር ለመጠኑ አልበቃም ማለት ነው፤ ቦቱም አያዝም። አንዳንድ ኤፒአይ ካልጠየቃችሁት ጥቂት ረድፍ ብቻ ስለሚልክ፣ መጀመሪያ ተጨማሪ ረድፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ስሌቱን በሁለቱም በኩል መሥራቴ ነው። በአስኮቹ ገዝቼ፣ ያንኑ መጠን አሁኑኑ በቢዶቹ ብሸጥ ስንት እከስራለሁ? ያን ዕለት ይህን ብጠይቅ ኖሮ ለ1,000 ቶከን መልሱ ከ27 በመቶ በላይ ነበር። ለ320 ቶከን 3.7 በመቶ፣ ለ150 ደግሞ 2.3 በመቶ። ገበያው ያው፣ ስፕሬዱም ያው ነው፤ የተለወጠው የእኔ መጠን ብቻ ነው። 5 በመቶ ለማትረፍ የተነሳ ሰው 3.7 በመቶውን ለመግባትና ለመውጣት ከከፈለ ምን ይቀረዋል? እኔ ይህ ወጪ ከማስበው ትርፍ ግማሽ ካለፈ አልገባም። ግማሽ ያልኩት ከራሴ ልምድ ነው፤ እናንተ ሌላ ቁጥር ልትመርጡ ትችላላችሁ። ቁጥር ሳይኖራችሁ ግን አትጀምሩ።

የያዝኩትንም ቶከን አሁን የምተምነው በመጨረሻው ግብይት ዋጋ ሳይሆን ቢዶቹ ላይ ብሸጠው በማገኘው ገንዘብ ነው። ያን ዕለት እንዲህ ቢሆን ኖሮ ቦቱ የሚያየው ከ26 በመቶ በላይ ትርፍ ሳይሆን ከ27 በመቶ በላይ ኪሳራ ነበር። መጥፎ ዜና ነው፤ ግን እውነቱ እሱ ነበር። ቆም ብሎ ባዶው እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። ኦርደር ቡኩን እኔ ካራገፍኩት በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሌሎች ሻጮችና ገዢዎች መጥተው ሞልተውታል፤ ዓይኔ እያየ።

ይህ ሁሉ ማጣራት ብቻውን አይበቃም። ባነበብኩበትና ባዘዝኩበት ቅጽበት መካከል ሰው ትዕዛዙን ሊያነሳ ይችላል። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ኦርደር ቡኩን ስከታተል በ1.97 ላይ የቆመ ትልቅ የግዢ ትዕዛዝ አየሁ፤ 5,000 ቶከን። ከእሱ በላይ ያሉት ጥቂት ቢዶች ተበልተው ዋጋው ሊደርስበት ሲል ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ 1.90 ላይ ብቅ አለ። ማንም አንድ ቶከን አልሸጠለትም። እንዲህ ያለውን እንደ እውነተኛ ገዢ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ኦርደር ቡኩን በየ30 ሰከንዱ ለ10 ደቂቃ እያነበብኩ፣ በሁሉም ንባብ ላይ የተገኘውን መጠን ብቻ እቆጥራለሁ።

ትዕዛዙ ራሱ የሚሄደው የዋጋ ጣሪያ ባለው ሊሚት ኦርደር፣ `IOC` በሚለው አማራጭ ነው። በዚህ አማራጭ በጣሪያው ውስጥ የተገኘው ያህል ወዲያው ይገዛል፣ ቀሪው ይሰረዛል። ያን ዕለት ጣሪያዬ 2.05 ቢሆን ኖሮ 320 ቶከን በአማካይ በ2.04 ገዝቼ 680ው ይሰረዝልኝ ነበር። ትዕዛዙ በሙሉ ሳይሞላ መቅረቱ የሚያናድዳቸው ሰዎች አሉ። እኔን አያናድደኝም። ባለፈው ሳምንት 400 አዝዤ 90 ብቻ ተገዛ፤ ቀሪውን ለማግኘት ቦቱ እስከ ማታ ጠብቆ በሦስት ጊዜ ገዛው፤ ሁሉም ከጣሪያዬ በታች።