ደብተሩ ከየት መጣ?

የምሠራው ደሴ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የቀረጻ ስቱዲዮ ነው። ማስታወቂያ፣ መንዙማ፣ አልፎ አልፎም የሬዲዮ ድራማ እንቀርጻለን። ባለፈው ክረምት ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ይዘውልን የመጡት ሥራ ግን ከለመድነው ለየት ይላል። ታይም ሉፕ ያለበት ተከታታይ ድራማ ነው። አንድ ቀን ደጋግሞ የሚመለስበት ሰው ታሪክ ማለት ነው።

ታሪኩ ደስ ይላል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ተነስቶ ገበያተኛ ወደ ባቲ ይወስዳል። እኩለ ቀን ገደማ ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ ገበያው መሃል ይገባል። የሹፌሩ ታናሽ ወንድም ይሞታል። ሹፌሩ አልቅሶ ተኝቶ ሲነቃ ያው ሰኞ ጠዋት ነው። ወንድሙም በሕይወት አለ።

እስከ ሦስተኛው ክፍል ቀረጻው ያለ ችግር ሄደ። አራተኛው ላይ ሹፌሩ ከኪሱ ደብተር ያወጣል። ባለፈው ዙር የአይሱዙውን ታርጋና የመጣበትን ሰዓት ጽፎበት ነበር። እሱን እያነበበ መንገድ ሊዘጋ ይሮጣል። እዚህ ላይ የእናትየውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት እማማ ማዳመጫቸውን አወለቁ።

«ቆይ ልጄ፣ ይህ ደብተር ከየት መጣ? ወንድሙ ነፍስ ከዘራ፣ የፈሰሰው ደም ከተመለሰ፣ ቀለሙ እንዴት ወረቀቱ ላይ ቀረ?»

ጸሐፊዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ዶክተር ሁ ላይ እኮ ዕቃ ይቀራል» አለ። ሌላኛው «ስታርጌት ላይ ምንም አይቀርም፣ እኔ ከመጀመሪያው ነግሬህ ነበር» አለ። ሁለቱም የጠቀሷቸው የውጭ የቴሌቪዥን ተከታታዮች ናቸው። የእኛን ድራማ ክፍሎች ተካፍለው ስለጻፏቸው እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሕግ ይዞ ነው የጻፈው። ክርክሩ ጦፈ፤ ስቱዲዮው ደግሞ በሰዓት ነው የሚከራየው። ተዋናዮቹ ተሰላቹ። በመጨረሻ ቀረጻው ተቋረጠና ወንበር ስበን ተቀመጥን። እኔ እነዚህን ፊልሞች ከልጅነቴ ጀምሮ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ነገርኳቸው።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ያዩትን በትክክል ነው ያዩት። ልዩነቱ ያለው ሁለቱ ታሪኮች ወደ ኋላ የሚመልሱት ነገር ላይ ነው። አንድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የስታርጌት ኤስጂ-ዋን ክፍል እንውሰድ። በሌላ ዓለም ላይ አንድ ጥንታዊ መሣሪያ አለ። አንድ ሰው የሞተች ሚስቱን ለማየት ብሎ ያስነሳዋል። መሣሪያው ምድርን ጨምሮ 14 ዓለማትን በአንድ ላይ ይይዝና ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። አሥር ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሰውም፣ ወረቀትም፣ ሳህንም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚያስታውሱት መሣሪያው ሲነሳ ብርሃኑ ያገኛቸው ሁለቱ ወታደሮችና ያ ሰውዬ ብቻ ናቸው።

ከዚህ ሕግ የሚወጣው ችግር በጣም ይማርከኛል። መሣሪያው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችለው ምሁሩ ነው፤ እሱ ግን በየዙሩ ይረሳል። የሚያስታውሱት ሁለቱ ደግሞ ቋንቋውን አያውቁትም። የተተረጎመው ወረቀት ደግሞ ዙሩ ሲያልቅ ይጠፋል። ስለዚህ ወታደሮቹ ቋንቋውን ራሳቸው ተምረው፣ የተገኘውን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ወደ ቀጣዩ ዙር መሻገር ነበረባቸው። ከሦስት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። አንድ ደብተር ቢተርፍላቸው ኖሮ ታሪኩ ቶሎ ባለቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የዶክተር ሁ ክፍል ተቃራኒው ነው። እዚያ ጊዜ ጨርሶ ወደ ኋላ አይሄድም። ዶክተሩ ባሕር መሃል ባለ ግንብ ውስጥ ብቻውን ታስሯል። ሊሞት ሲል የራሱን ሰውነት አቃጥሎ ወደ ግንቡ ያመጣው ማሽን የመጀመሪያውን እሱን እንደገና እንዲሠራ ያደርጋል። አዲሱ ዶክተር ማሽኑ ውስጥ ከተቀመጠው ቅጂ ስለሚወጣ ምንም አያስታውስም፤ ትዝ የሚለው መውጫውን የዘጋው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። የግንቡ ክፍሎች ራሳቸውን ወደ ነበሩበት ይመልሳሉ። ግድግዳው ግን አይመለስም። ከአልማዝ የጠነከረውን ያን ግድግዳ በቡጢ እየደበደበ፣ ትንሽ ትንሽ እየሸረፈ፣ በመጨረሻ ይሰብረዋል። ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ወስዶበታል። ጊዜው እውነት እንደነጎደ የሚታወቀውም በሰማዩ ነው፤ ከዋክብቱ ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል።

እንግዲህ አስተያዩአቸው። በአንደኛው ትዝታ ይቀራል፣ ዕቃ ይጠፋል። በሌላኛው ዕቃ ይቀራል፣ ትዝታ ይጠፋል። ሁለቱም ከሰውየው አንድ ነገር ይነጥቁታል፤ ታሪኩ የሚቆመው በዚያ ጉድለት ላይ ነው። የእኛ ሹፌር ግን ትዝታውም አለው፣ ደብተሩም አለው። ምንም አልጎደለበትም። እማማን ያስቆማቸውም ይህ ይመስለኛል። «ታዲያ ምን ቸገረው? ጽፎ መያዝ ነው እንጂ!» አሉ።

«እማማ፣ አንቱ እንዳሉት ነው» አልኳቸው። የሕጉ ልዩነት ከዚህ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው መጀመሪያ ሰውየውን በምን ሊያስጨንቀው እንደሚፈልግ ይወስናል። ከዚያ ያን ጭንቀት የሚያመጣ ሕግ ያበጃል። ምክንያቱን ጭራሽ አለመናገርም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ግራውንድሆግ ዴይ የተባለው ፊልም ቀኑ ለምን እንደሚደጋገም አንዲት ቃል አይናገርም፤ ተመልካቹም አይጠይቅም። ምን እንደሚመለስና ምን እንደሚቀር ግን ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ ሳያዛንፍ ያሳያል። አድማጭ ምክንያት ቢጎድለው ይታገሣል። ሕግ ሲቀያየርበት ግን ወዲያው ነው የሚያውቀው።

ደብተሩ ተሰረዘ። በዚህ ቶሎ ተስማማን። ሹፌሩ ታርጋውን፣ ሰዓቱን፣ ማን የት እንደቆመ ሁሉ በቃሉ ይያዝ ተባለ። የግመል ደላላውን የሚጫወቱት አዛውንት ደግሞ «በመንዙማ ዜማ ይያዘው፤ እኛም ያን ያህል ረጅም መንዙማ ያለ ደብተር የያዝነው በዜማው ነው» አሉ። ድምፅ ለሚቀርጽ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ዙር በዞረ ቁጥር ግጥሙ አንድ ስንኝ ይጨምራል፤ አድማጩም ስንኙን ሰምቶ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ ያውቃል።

ቀጣዩ ችግር ግን ከደብተሩ የባሰ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ላይ ሹፌሩ ወንድሙን ካዳነ በኋላ ሬዲዮ ይከፍታል። ዜና አንባቢው ቀኑን ሲናገር ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሳምንታት አልፈዋል። ውጭ ያለው ዓለም ሲሄድ ባቲ ብቻ ቆማ ነበር ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን መጨረሻ በጣም ይወዱታል።

ሐሳቡን የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጣው የስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን ክፍል ነው። እዚያ የጠፈር መርከቢቱ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ትፈነዳለች፤ ከዚያ ታሪኩ እንደገና ይጀምራል። አስታዋሽ የለም። «ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» የሚል ስሜት፣ ሌሊት የሚሰማ የድምፅ ገደል ማሚቶ፣ ይኸው ነው። በመጨረሻ ዳታ የተባለው ሰው መሰል ማሽን ለቀጣዩ ዙር ለራሱ በጣም አጭር መልእክት ይልካል፤ ቁጥር 3። ትርጉሙን የሚደርስበት ሊጋጩ ሲሉ ነው። የምክትል አዛዡ አንገትጌ ላይ ያሉት የማዕረግ ምልክቶች ሦስት ናቸው። ከግጭቱ ለማምለጥ ሁለቱ ካቀረቡት የዳታ ሐሳብ ሳይሆን የምክትል አዛዡ ሐሳብ ነበር ትክክሉ ማለት ነው። ከዙሩ ሲወጡ ሰዓታቸውን ከውጭው ጋር ያመሳክራሉ። ውጭ 17.4 ቀን አልፏል።

ይህ እዚያ ይሠራል። ከምትጋጫት መርከብ በቀር መርከቢቱ ብቻዋን ናት፤ በአካባቢዋ ሌላ ሰው የለም፣ የሚገባ የሚወጣ የለም። የባቲ ሰኞ ግን የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ከአፋር ቆላ ግመል እየነዳ የሚመጣ አለ። ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ ሰው ሞልቶ የሚመጣ መኪና አለ። ውጭው ዓለም ከሄደ በሁለተኛው ዙር ከደሴ የሚገባው የማክሰኞ ሰው ነው። የሰኞ ገበያተኛ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ሁለተኛው ክፍል ላይ የሹፌሩ ሚስት ከደሴ ትደውላለች፤ በየዙሩም ያችኑ ቃል ትናገራለች። ለእሷ ማክሰኞ ከሆነ «ትናንት ለምን አልገባህም?» ብላ ነው መጮህ ያለባት። ስልኩ ገና ሲያነሣ ምስጢሩ ያበቃል።

ስታርጌቶቹ ይህን ያመለጡት ዙሩን መላውን ምድር እንዲይዝ አድርገው ነው። የሚገርማቸው ሩቅ ያሉ ወዳጆቻቸው ብቻ ናቸው፤ ሲወጡ ከሦስት ወር በላይ ሲፈልጓቸው እንደነበር ይነግሯቸዋል። እኛ ሌላ ዓለም ላይ ወዳጅ የለንም። ወይ ስልኩን፣ ወይ ሬዲዮውን መምረጥ ነበረብን። ጸሐፊዎቹ ተቆጭተው ሬዲዮውን ሰረዙት። ልባቸው ሲሰበር አይቼ «አብሽር፣ ስልኩ ይበልጣል» ብያቸዋለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ።

የቀረው ሹፌሩ እናቱን በየዙሩ እንዴት እንደሚያሳምን ነበር። መንገድ የሚያዘጉለት እሳቸው ናቸው፤ ግን በየጠዋቱ ይረሱታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ስታር ትሬክ ዲስከቨሪ ላይ ቆንጆ ዘዴ አለ። ዙሩ 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሁሉን ከመጀመሪያው ለማስረዳት አይበቃም። ስለዚህ የሚያስታውሰው ሰው ባልደረባውን ለማንም ያልነገረችውን ምስጢር ንገሪኝ ይላታል። በሚቀጥለው ዙር እሱኑ ሲነግራት ወዲያው ታምነዋለች።

እማማ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «እንዲያ ከሆነ ምስጢሩን እኔ ልስጣችሁ፤ ግን መጀመሪያ በአንዱ ዙር ለልጄ ልንገረው። ሳልነግረው ከየት ያመጣዋል?» አሉ። ልክ ናቸው። ምስጢሩ አራተኛው ክፍል ላይ እንዲሠራ ሦስተኛው ክፍል ላይ መነገር አለበት፤ ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ተቀርጾ አልቋል። በማግስቱ ፋይሉን ከፈትኩና እናትና ልጅ ቡና ላይ የተቀመጡበትን ቦታ አገኘሁት። ከጀርባ ያለው የገበያ ድምፅ ለብቻው ስለተቀረጸ አዲሱን ንግግር መሃል ለማስገባት አላስቸገረም። እማማ መጥተው በአንድ ጊዜ ቀረጹት።