የግብር እፎይታ ላይ ላለ ፋብሪካ የካፒታል ወጪን እንዴት እንዳሰላሁ

የአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ባለቤቶች ተጨማሪ የማጣሪያ ማሽን መግዛት ያዋጣቸው እንደሆነ እንዳሰላላቸው ጠየቁኝ። ቁጥሮቹን ለማቅለል አጠጋግቻቸዋለሁ። ማሽኑ 35 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፤ ከግብር በኋላ ደግሞ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ብር ለ5 ዓመት ያስገባል። ከዚህ 12 ሚሊዮን ላይ ወለድ አልቀነስኩም፤ ወለዱ በካፒታል ወጪው፣ ማለትም ድርጅቱ ለሚሠራበት የብድርና የባለቤቶች ገንዘብ በዓመት በአማካይ በሚያስፈልገው ተመላሽ ውስጥ ስለሚገባ ሁለቴ ይቆጠር ነበር።

ድርጅቱ 40 ሚሊዮን ብር የባንክ ብድር በ16 በመቶ ወለድ አለበት። የባለቤቶቹ ድርሻ በሂሳብ መዝገብ 20 ሚሊዮን ነው፤ ዛሬ ቢሸጥ ግን 60 ሚሊዮን ያወጣል። የወሰድኩት 60ውን ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቶቹ ሸጠው ሌላ ሥራ ላይ ሊያውሉት የሚችሉት ገንዘብ ይህ ነው። በመዝገቡ ዋጋ ቢሰላ ርካሹ ብድር ሁለት ሦስተኛውን ክብደት ይይዝና የካፒታል ወጪው ከእውነቱ በጣም ያነሰ ይመስላል።

ከባዱ ባለቤቶቹ ከገንዘባቸው የሚጠብቁትን ተመላሽ መገመት ነው። አክሲዮናቸው ገበያ ላይ ስለማይሸጥ ከዋጋው መዋዠቅ ተነስቶ አደጋውን መለካት አይቻልም። ስለዚህ ከብድሩ ወለድ ተነሳሁ። ባንኩ መያዣ አለው፣ ቀድሞም ይከፈለዋል፤ ባለቤቶቹ የሚያገኙት የተረፈውን ነው። ለዚህ አደጋ 10 ነጥብ ጨምሬ 26 በመቶ ያዝኩ።

ቀጥሎ ግብሩ ይመጣል። የዓመቱ ወለድ 6.4 ሚሊዮን ብር ነው። ወለድ ከሚታሰበው ትርፍ ላይ ስለሚቀነስ፣ በ30 በመቶ የድርጅት ግብር 1.92 ሚሊዮን ብር ያድናል። የብድሩ ትክክለኛ ወጪም ወደ 11.2 በመቶ ይወርዳል። የሁለቱ አማካይ በየክብደታቸው ሲሰላ፣ ማለትም WACC የሚባለው የካፒታል ወጪ፣ ይህ ነው፦

```
WACC = 0.6 × 26% + 0.4 × 16% × (1 − 0.30) = 20.08%
```

የ5ቱ ዓመት ገቢ በዚህ መቶኛ በየዓመቱ እየተቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 35.8 ሚሊዮን ይሆናል፤ ማሽኑ ያዋጣል ማለት ነው።

ነገር ግን ፋብሪካው ገና የ3 ዓመት የግብር እፎይታ ይቀረዋል። ግብር የማይከፍል ድርጅት በወለዱ የሚያድነው ግብር የለም። ለእነዚህ ዓመታት 0.30 ወደ ዜሮ ይለወጥና የካፒታል ወጪው 22 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት በ22፣ የቀሩትን ሁለቱን በ20.08 በመቶ ሳሰላ የዛሬው ዋጋ 34.6 ሚሊዮን ወጣ፤ ከማሽኑ ዋጋ በ400 ሺህ ብር ገደማ ያንሳል። ኪሳራ ላይ ያለ ድርጅትም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው፤ ቁጠባው ትርፍ እስኪመጣ ይዘገያል። ስለዚህ አሁን 30 በመቶውን ቀመር ውስጥ ከማስገባቴ በፊት የድርጅቱን የግብር ማሳወቂያ አያለሁ።

ለባለቤቶቹ አንድ ነገር ግልጽ አደረግኩላቸው፦ የእነሱ ተመላሽ 24 በመቶ ቢሆን ውጤቱ ተገልብጦ ማሽኑ በግማሽ ሚሊዮን ብር ያህል ያተርፋል። ሁለቱንም ስሌት አይተው፣ ከሻጩ ጋር በዋጋው ላይ ለመደራደር ወሰኑ።