መዳቡ ደህና ነው፣ የተበላው ብረቱ ነው

ሜሪላንድ የገዛነው ቤት በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። ቧንቧው ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ከኛ በፊት የነበረው ሰው የውሃ ማሞቂያውን ሲቀይር አዲስ የመዳብ ቧንቧ አምጥቶ ብረቱ ላይ በቀጥታ ገጥሞታል።

ሙቅ ውሃው እየቀጠነ ሄደ። ምድር ቤት ወርጄ ሳይ መጋጠሚያው ዙሪያ ነጭ ቅርፊትና ቡናማ ዝገት ይዟል፣ ከሥሩም ጠብ ጠብ ይላል። ቴፍሎን ልጠቀልልበት ብዬ ስፈታው የብረቱ ጥርስ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ውስጡ በዝገት ታፍኖ እርሳስ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። መዳቡ ግን ምንም አልሆነም።

የድሮ ሬዲዮ ድንጋይ ሲከርም ቆዳው ተበልቶ ውስጡ ይፈስ የለ? ያ ቆዳ ዚንክ ነው። እዚህም ያው ነው። መዳብና ብረት ተነካክተው ውሃ ሲያገናኛቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ መጀመሪያ ብረቱ የተቀባው ዚንክ ይበላል፣ እሱ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ነው። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል።

ዳይኤሌክትሪክ ዩኒየን ሁለቱን እንዳይነካኩ ያደርጋል። አንዱ ግማሽ ብረቱ ላይ በጥርስ ይገባል፣ ሌላው መዳቡ ላይ ይበየዳል፣ መሃላቸው ጎማ አለ፣ ነቱንም ከመዳቡ ወገን የሚለይ የፕላስቲክ ቀለበት አለው። እኔ ሙሉውን ገጥሜ እሳት ለቀቅኩበት። ፕላስቲኩ ቀለጠ፣ 15 ዶላሬም አብሮ። በሁለተኛው ነቱን አስቀድሜ መዳቡ ላይ አሳለፍኩና ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ጎማውንና ፕላስቲኩን አውጥቼ በየድኩ፣ ሲቀዘቅዝ መልሼ ገጠምኩ።

ከዚያ በቴስተር ለካሁ። ጮኸ! ሁለቱ ወገኖች አሁንም ተገናኝተዋል ማለት ነው። አንድ የቧንቧ ሥራ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ደውዬ ጠየቅኩ። «ልጄ፣ ዩኒየኑን ከመግጠምህ በፊት ጠረጴዛ ላይ ነው የምትለካው። አሁን የምትለካው የቤቱን ግራውንድ ነው» አሉኝ። እውነትም የማሞቂያው ግራውንድ ሽቦ ዞሮ ብረቱ ቧንቧ ጋ ይደርሳል። ያንን ሽቦ ደግሞ ለዝገት ብሎ መቁረጥ የለም፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ዩኒየኑ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ እሳቸው ራሳቸው በዩኒየኑ ፋንታ መሃል ላይ ቢያንስ 6 ኢንች የሚሆን ኒፕል፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ ጥርስ ያለው አጭር የነሐስ ቧንቧ ማስገባት ይመርጣሉ።

ያልገመትኩት ሌላም ነገር ነበር። ውሃ መዳብ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት መዳብ ሟሙቶ አብሮት ይሄዳል፣ ከፊቱ ያለው ጋልቫናይዝድ ላይ ሲያርፍም እዚያው ቀዳዳ ይጀምራል። ይህን ዩኒየን አያቆመውም። የኔ ሙቅ መስመር ደግሞ ልክ እንዲህ ነው፣ መዳቡ ቀድሞ ብረቱ ይከተላል። ቀዝቃዛው መስመር ላይ ብረቱ ስለሚቀድም እሱን ተውኩት፤ ሙቁን ግን በሚቀጥለው ወር እስከ ሻወር ድረስ ነቅዬ ፔክስ የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ አስገባለሁ።