ኔት ሲጠፋ በር ላይ

ጅማ ዝናብ ሲጥል ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል። ለቡና አምራቾች ስልጠና የበሩን ምዝገባ ስይዝ፣ ሦስቱም ስልኮች ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ አድርጌ ነው የጀመርኩት። ሁለቱ በሮች ላይ ስልክ ሀ እና ለ፤ ባጅ የሌለው ሰው ደግሞ በስሙና በስልክ ቁጥሩ ለመመዝገብ ወደ ስልክ ሐ።

አንድ ነገር አጥብቄ ተናገርኩ፦ ዝርዝሩ ላይ «ገብቷል» ብሎ ምልክት ማድረግ የለም። እንዲያ ከሆነ ማታ አንዱ ፋይል በሌላው ላይ ሲጫን የመጀመሪያው ምልክት ይጠፋል። ሰው በገባ ቁጥር አዲስ መስመር ይጨመራል፦ እንደ ሀ-027 ያለ የመስመር ቁጥር፣ የባጅ ቁጥር፣ ሰዓት። ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይሙላው። በእጅ ከተጻፈ አንዱ 2:30፣ ሌላው ለዚያው ሰዓት 8:30 ይላል።

ማታ ፋይሎቹን በብሉቱዝ ላፕቶፕ ላይ ሰበሰብኩ። ዋናዎቹን ሳልነካ ኮፒ አደረግኩ። ሀ 131፣ ለ 118፣ ሐ 64፤ ድምሩ 313። አንድ ላይ ስለጥፋቸው ግን 365 መስመር ወጣ! ለካ የስልክ ለ የምሳ ሰዓት ኮፒም ገብቷል፤ 52 መስመር። ይህ ቀላል ነው፤ የመስመር ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ በዚያ ብቻ አጣርቼ 313 ላይ መለስኩት። ኤክሴል ላይ Remove Duplicates ሲባል የስም ዓምድ ብቻ ከተመረጠ ግን ጉድ ነው። በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

የመስመር ቁጥሩ ተለያይቶ ባጁ ሲደገም ነገሩ ሌላ ነው። አምስት አገኘሁ። አራቱ ምሳ በልተው በሌላው በር የተመለሱ ናቸው። አምስተኛው ባጅ በሁለቱ በሮች በሁለት ደቂቃ ልዩነት አልፏል። ምናልባት ለጓደኛ ተሰጥቶ ይሆናል። ስልኮቹ እስካልተነጋገሩ ድረስ ይህን በር ላይ መያዝ አይቻልም። መከላከያው አንድን ባጅ በአንድ በር ብቻ ማሳለፍ ነው። አንድ ሰው ብዬ ቆጥሬ ጎኑ ላይ ጥያቄ ምልክት አኖርኩ። 308 ቀረ።

የስልክ ሐ ሰዎች ከሁሉም አደከሙኝ። ስም አያስተማምንም፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። ስልክ ቁጥርም አንዱ በ09፣ ሌላው በ+2519 ይጀምራል፤ ስለዚህ ባጅ ካላቸው ሰዎች ስልክ ጋር የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አሃዞች ብቻ አነጻጸርኩ። ሦስት ግጥሚያ መጣ። ሁለቱ ጠዋት ባጅ ረስተው በሐ ተመዝግበው፣ ከሰዓት ባጃቸውን ይዘው የገቡ ናቸው። ሦስተኛው አባትና ልጅ ሆነው ተገኙ፤ ቤት ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ ቆጠርኳቸው።

306 ሰው። ለምግብ አቅራቢው የሰጠሁት ይህን ነው፤ ባለጥያቄ ምልክቱን ባጅ ደግሞ ነገ ባለቤቱን ራሱን እጠይቀዋለሁ።