ስለ ዓይን ማዝ፦ ለልጆች እንዴት፣ ለወላጆች እንዴት ተናገርኩ

ነርስ ነኝ። የምሠራው ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚወስደው በኩል ባለ ጤና ጣቢያ ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ሲሰጥ ወላጆች ትምህርት ቤት ይጠራሉ። ርዕሰ መምህሩም ደውሎ «ስለ ዓይን ማዝ ትንሽ ንገሪልን» ይለኛል። የዓይን ማዝ ያው ትራኮማ ነው።

የሚሰጠኝ ግማሽ ሰዓት ለሁሉም በአንድ ላይ ነው። እኔ ግን ይከፈልልኝ እላለሁ። ምክንያቱ በሽታው ራሱ ነው። ተዋህሲው በብዛት የሚገኘው ትንንሽ ልጆች ላይ ነው። በዓይናርና በንፍጥ፣ በጣት፣ ፊት በተጠረገበት ጨርቅና በዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ቢይዝ አያሳውርም። ለዓመታት ደጋግሞ ሲይዝ ግን የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሳል። ጠባሳው ሲሸበሸብ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይቧጥጣል። የሚታወረው ያኔ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልጅ ስታቅፍ የኖረች ሴት ናት። እንግዲህ የበሽታው መጀመሪያ ልጆቹ ጋ ነው፣ መጨረሻው እናቶችና አያቶች ጋ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ ብናገር ለአንዳቸው ሩቅ ወሬ ይሆናል።

ከልጆቹ እጀምራለሁ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን ሜዳው ላይ አስቀምጣለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ ወሬው ሦስት ደቂቃ ነው። «ባክቴሪያ» አልልም። አንድ ጊዜ «ጀርም» ስል አንዱ ትንሽ ልጅ «ጥርስ አለው?» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ የማወራው ስለሚያዩት ነገር ነው፦ ስለ ዓይናር፣ ስለ ንፍጥ፣ ስለ ዝንብ።

ቀይ ጠመኔ ፈጭቼ እይዛለሁ። የአንዱን ልጅ መዳፍ በደንብ እቀባና ጎረቤቱን እንዲጨብጥ እነግረዋለሁ። ጎረቤቱ ቀጣዩን ይጨብጣል። እየዘፈኑ ይቀጥላሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ «እጃችሁን እዩ» እላለሁ። ቀይ ያልነካው ጥቂት ነው። ሁልጊዜ ደግሞ ሳያውቀው ዓይኑን ያሸ አይጠፋም። ቅንድቡ ቀልቶ ሲያዩት ሜዳው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ የምጨምረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ዓይናርም እንዲህ ነው የሚሄደው።» ማስረዳት ብቀጥል የያዙትን አስጥላቸዋለሁ።

ስለ መታወር ለልጅ አልናገርም። ሠላሳ ዓመት የሚባል ጊዜ ለሰባት ዓመት ልጅ የለም። ያለው ዛሬና ነገ ነው። «ያሳውራል» ያልኩት ልጅ ማታ አያቱን እያየ ነገ ትታወራለች ብሎ ያለቅሳል፤ ፊቱን ለመታጠብ ግን አንድ እርምጃ አይጨምርም።

ሲሰለቹ መጀመሪያ የሚታወቀው ከኋላ ነው። ሣር መንቀል ይጀምራሉ፣ ከዚያ መገፋፋት። ያኔ ድምፄን ከፍ አላደርግም። አስነሥቼ ወደ ሃይላንዱ እወስዳቸዋለሁ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፣ ታችኛው ጎኑ ላይ በጋለ ምስማር የተበሳ። ክዳኑ ጥብቅ ካለ ውሃው አይወርድም። ላላ ሲል አየር ይገባና ቀጭን ሆኖ ይፈሳል። ይህን ሲያዩ ሁሉም ካልከፈትኩ ይላል። ለመክፈት ሲባል ፊትም ይታጠባል፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

«ዛሬ ጠዋት ፊቱን የታጠበ?» ብዬ ግን አልጠይቅም። ሁሉም እጁን ያወጣል። ያላወጣውን ደግሞ ሁሉም ዞሮ ያየዋል፤ ስሙ የሚነሣው የእናቱ ነው። በዚያ ላይ በእኛ ደጋ የጥርና የየካቲት ጠዋት ውሃ ጣት ያደነዝዛል። ልጁ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመምህራኑ ጋር የተስማማነው ፊት የሚታጠቡት በእረፍት ሰዓት፣ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ትምህርት ቤት እንዲሆን ነው።

ወላጆች ጋ ስገባ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ሰላምታው ጊዜ ይወስዳል፤ አባቶች መርቀው እስኪጨርሱ አልጀምርም። ቸኩዬ ብገባበት የምናገረው ሁሉ ከልጅ አፍ የወጣ ይሆናል። አዋቂ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ይህ ያታልላል። ልጅ ሲሰለች ይነግርሻል፣ አዋቂ ሲሰለች «እሺ፣ እሺ» ማለት ያበዛል። ነጠላ ወደ አፍ ከፍ ሲልና «ውጤቱ መቼ ነው የሚሰጠው?» የሚል ሹክሹክታ ሲመጣ አብቅቷል ማለት ነው። የምናገረው አጭር ነው፤ ለጥያቄ የምተወው ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የውጤት ካርድ ከመሰጠቱ በፊት መሆን አለበት። ካርዱን የያዘ ወላጅ አይጠብቅም፣ ከብት አለበት።

«ልጆቻችሁን ፊታቸውን አጥቡ» ብዬ አልጀምርም። የምጀምረው በወረንጦ ነው። «ዓይኗን የሚወጋት፣ ሽፋሽፍት የምታስነቅል እናት በየቤታችን አለች?» እላለሁ። ክፍሉ ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን የማወቅ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፦ ከአያቷ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ ታቀፈው ሕፃን። ሕመሙን ለማስረዳት አውድማ ላይ እብቅ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያለውን እጠቅሳለሁ፤ ይህ እብቅ ግን በታጠበ ቁጥር አይወጣም። የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል፣ የተቆረጠው ጉጥ ደግሞ ይብሳል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው በዝርዝር የምነግረው ፍርሃቱን ስለማውቅ ነው። «ዓይን አውጥተው ይመልሳሉ» የሚል ወሬ አለ። የሚሠራው ቆቡ ላይ ብቻ ነው፣ በማደንዘዣ መርፌ፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ይገባል። የማይችለውንም እናገራለሁ። መቧጠጡን ያስቆማል እንጂ የጠፋ ብርሃን አይመልስም። ሽፋሽፍቱም አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ይቀለበሳል። ይህን ደብቄ አንዷ ጎረቤት ቢመለስባት መንደሩ በሙሉ ከሕክምናው ይቀራል።

ባለፈው አንድ አባት ተነሡ። «የኔ ልጅ፣ ከብት ባለበት ቤት ዝንብ ይጠፋል እንዴ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ በዋናነት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባው አይመቻትም። «እንግዲህ አባቴ፣ ጥፋቱ የላሞቹ አይደለም» ስል ሳቁ። ለልጆች ይህንኑ «ካካ» ብዬ ነው የምነግረው። ወላጆች ፊት ግን «ሜዳ መውጣት» ብሎ ማለፍ ይሻላል፤ ቄሱም አማቶችም ተቀምጠዋል።

ሌላው ስለ ውሃ ተናገረ፣ ምንጩ ሩቅ ነው ብሎ። አልተከራከርኩም። ሃይላንዱን ይዘው ልጆች እንዲገቡ አደረግኩ። በዚያች ግማሽ ሊትር ስድስት ልጆች ፊታቸውን ታጠቡ፤ የተረፈውን ለአባትየው አሳየሁት። ሳሙና ከሌለስ ብሎ ጠየቀ። ዓይናሩና ንፍጡ ከለቀቀ ውሃ ብቻውን ይበቃል አልኩት።

ትልቁ ጥያቄ ግን ክፍል ውስጥ አይነሣም። ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ ሳልቸኩል እቆማለሁ። ያን ቀን አንዲት እናት ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ወረንጦው ከአንገታቸው ክር ላይ እንዳለ፣ «እኔን ነው ስታወሪ የነበረው» አሉኝ። ግራ ዓይናቸው ላይ አራት ሽፋሽፍት ተቀልብሶ ነበር፣ ብሌኑ ገና ጥርት ያለ። የሚቀጥለው የቀዶ ሕክምና ዘመቻ የሚመጣበትን ቀን ነገርኳቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ ያን ቀን በጎቹን ማን ይጠብቅ? ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ነው። ርዕሰ መምህሩን አስፈቀድንለት።