በአንድ ሌሊት የጠፋው ኩሬ

ስልኬ የጮኸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የኩሬው ጥበቃ ነበር። «ኢንጂነር፣ ውኃው የለም» አለኝ። ቀንሷል ማለቱ መስሎኝ «ምን ያህል ወረደ?» ብዬ ጠየቅኩት። «አልወረደም። የለም» አለ።

ቦታው ባሌ ቆላ ውስጥ ነው፤ የሶፍ ዑመር ዋሻ ካለበት የኖራ ድንጋይ አገር። የከብት ውኃ የሚያቁር ኩሬ ሠርተን ነበር። ስፋቱ 80 ሜትር በ60 ሜትር፣ ሲሞላ 10,000 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ወለሉን 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ አፈር አልብሰን በሮለር ጠቅጥቀነዋል። በመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ደካማ ስለነበር እስከ ግማሽ ብቻ ሞላ። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን አፉ ድረስ ደረሰ። ከብት የሚነዱ ልጆች ሲጨፍሩ አይቻለሁ። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ባዶውን ቀረ።

ስንደርስ ወለሉ ጭቃ ብቻ ነው። ከመሃል ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሜትር የሚሰፋ ክብ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ ግድግዳው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ጫፍ ላይ መቆም አይገባም። ጠርዙ ከሥሩ ባዶ ሆኖ አፈሩ ብቻ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። አንዱን ልጅ ወገቡን በገመድ አስረን በደረቱ አስተኛነውና ድንጋይ የታሰረበት ሌላ ገመድ አወረደ። 5 ሜትር ወርዶ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ጸጥ ስንል ከታች ውኃ ሲሄድ ይሰማል።

ያንኑ ጠዋት ከታችኛው መንደር ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው መጡ። ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ምንጫቸው ቀይ ሆኖባቸዋል። የኛ ሸክላ አፈር ቀለም ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ከሥራ ተቋራጩ በኩል የመጣው ሰው «ውኃው በሁለት ዓመት ድንጋዩን በላው» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የኖራ ድንጋይ በውኃ ይሟሟል ሲባል ሁሉም ሰምቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ልክ ይመስላል። ግን አይደለም። ልዩነቱን በደንብ ካልለየን ያንኑ ስህተት ሌላ ቦታ እንደምንደግመው ገብቶኝ ነበር።

ንጹሕ ውኃ ብቻውን የኖራ ድንጋይን የሚያሟሟው በጣም በጥቂቱ ነው። ጉልበት የሚሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አምቦ ውኃ ስንከፍት የሚፈላው ያው ጋዝ። ዝናብ ከአየር ላይ ትንሽ ይዞ ይወርዳል። ዋናውን ግን የሚያገኘው አፈር ውስጥ ነው። የሣርና የዛፍ ሥር ይተነፍሳል፣ የበሰበሰ ቅጠል ጋዝ ያወጣል። በዚህም የተነሳ በአፈር ውስጥ ያለው አየር ከላይ ካለው በአሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኖረዋል። ውኃው በዚያ ሲያልፍ ለስላሳ አሲድ ይሆንና ድንጋዩ ላይ ይደርሳል። ድንጋዩን አሟሙቶ በማይታይ መልክ ተሸክሞት ይሄዳል። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያ ተሟሙቶ የመጣው ድንጋይ ነው። ውኃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ ድንጋዩም ተመልሶ ይረጋል። ዋሻ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠሉት የድንጋይ ዘንጎችም የሚሠሩት ጋዙ ከሚንጠባጠበው ውኃ ወደ ዋሻው አየር ሲወጣ ነው። ለዚያ መፍላት አያስፈልግም።

ስብሰባው ላይ አንድ ስሌት በሰሌዳ ጻፍኩ። የመንደሩን ምንጭ ከዚያ በፊት ለክተነው ነበር። በሰከንድ 12 ሊትር ይወጣል። በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ሩብ ግራም ያህል የተሟሟ የኖራ ድንጋይ አለ። ስለዚህ በሰከንድ 3 ግራም ድንጋይ ይወጣል ማለት ነው። በቀን 260 ኪሎ ገደማ። በዓመት 95 ቶን ይጠጋል። ያ 36 ሜትር ኩብ ድንጋይ ነው፤ በሲኖትራክ ቢጫን ከሁለት መኪና ይተርፋል።

ተቋራጩ «ይኸው፣ በላው አላልኩም?» አለ። ግን ያ 36 ሜትር ኩብ ከአንድ ቦታ የተነሳ አይደለም። ምንጩን የሚመግበው ተራራና ሜዳ በሙሉ ያዋጣው ነው። አብዛኛው ደግሞ ከመሬት ገጽ ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ውኃው የአሲድ ጉልበቱ ገና ሳይቀንስ የተሟሟ ነው። የአንድ ስንጥቅ ግድግዳ ላይ ሲታይ በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም እጅግ ያንሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሜትር ጉድጓድ በዚህ መንገድ አይከፈትም።

ድንጋዩ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ድሮም ነበረ። የጀመረው ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ነው። እንዲህ ባለች ቀዳዳ ውኃ የሚያልፈው በጣም በዝግታ ነው። ገና በመግቢያው አካባቢ አብዛኛው ጉልበቱ ያልቃል። ሙሉ በሙሉ ግን አያልቅም፤ ሊጠግብ ሲቃረብ ማሟሟቱ በጣም ስለሚዘገይ የተረፈችውን ትንሽ አቅም ይዞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እንዲህ እያለ ሺህ ዓመታት፣ አሥር ሺህ ዓመታት ያልፋሉ። ስንጥቁ ሲሰፋ ደግሞ ነገሩ ይቀየራል። የስንጥቅ ስፋት እጥፍ ሲሆን የሚያልፍበት ውኃ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ውኃ ያገኘው ስንጥቅ የበለጠ ይሰፋል፣ የሰፋው ደግሞ የጎረቤቶቹን ውኃ ይስባል። ከብዙ ስንጥቆች ጥቂቶቹ ብቻ አሸንፈው ቦይ ይሆናሉ። ከመሬት በታች ወንዝ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሶፍ ዑመር ላይ የወይብ ወንዝ ተራራ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የዋሻው መንገዶች ርዝመት ሲደመር 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እዚያ ገብቶ የድንጋዩን ዓምዶች ያየ ሰው የአንድ ስንጥቅ መጨረሻ ምን ሊሆን እንደሚችል አይረሳም።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ቡሽ የሆነውን አፈር አጠብን። ከኩሬው ሥር ድንጋዩ ላይ ጉሮሮ የመሰለ ቀዳዳ ነበረ። በኋላ ስንቆፍር ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘነው። ለዘመናት በሸክላ አፈር ተደፍኖ ኖሯል። ከላዩ ሦስት ሜትር ውኃ ስንጭንበት ውኃው ሸክላውን ከታች በኩል በትንሽ በትንሹ እየሸረሸረ ወደ ቦዩ ወሰደው። ባዶው ቦታ ከታች ወደ ላይ አደገ። ከላይ ምንም አይታይም። በመጨረሻ የቀረችው ስስ የአፈር ጣሪያ ተናደች። በኖራ ድንጋይ አገር ድንገት የሚከፈቱ ጉድጓዶች በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው። የሚናደው አፈሩ ነው፤ የዋሻ ጣሪያ የሆነ ድንጋይ ሲናድ ማየት ብርቅ ነው።

«የሙከራ ጉድጓድ አልቆፈራችሁም ወይ?» ተብለን ተጠየቅን። ስድስት ቆፍረናል። ሁሉም ላይ ጥሩ ሸክላ አገኘን። አሁን ሳሰላው ስድስቱ ተደምረው 13 ሜትር ካሬ ገደማ ናቸው። ኩሬው 4,800 ሜትር ካሬ ነው። ከሺህ ሦስቱን እጅ ብቻ አይተን ነው ሌላውን ደህና ነው ያልነው። ለኖራ ድንጋይ ያ ዘዴ አይበቃም። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ለቅቀን ከሥር ያለውን የሚለየውን የመቋቋም ልኬት አድርገን፣ የተጠራጠርንበትን በብረት ዘንግ መውጋት ነበረብን።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ሥራው ሲጀመር አንድ የአካባቢው ሽማግሌ መጥተው ነበር። «ይሄ ቦታ ጎርፉን ይጠጣል» አሉ። እኔም «ኦቦ፣ ሸክላ እናለብሰዋለን፣ አይጠጣም» አልኳቸው። ቦታው ዙሪያውን ከፍ ያለ፣ መሃሉ ጎድጓዳ ነው። ጎርፍ ከሦስት በኩል ይገባበታል። የሚወጣበት ግን አንድም መንገድ የለውም። ሐይቅም ረግረግም አልሆነም። እንግዲህ ያ ሁሉ ውኃ የት ይሄድ ነበር? ይህን ጥያቄ መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር። በር ከሥሩ ባይኖረው ኖሮ እኛ ከመምጣታችን በፊት ሐይቅ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ውኃው የሄደበትን መንገድ ለማረጋገጥ ማቅለሚያ ፈተና አደረግን። ፍሎረሲን የሚባል በውኃ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ዱቄት ነው። ግማሽ ኪሎ በውኃ በጥብጠን ወደ ጉሮሮው ከቦቴ ውኃ ጋር ለቀቅነው። በዚህ መጠን ሰውንም ከብትንም አይጎዳም። ቢሆንም አስቀድመን በየመንደሩ ዞረን ነገርን፤ ምንጩ በድንገት አረንጓዴ ቢሆንበት የማይደነግጥ የለም። አምስት ምንጮች ላይ ከሰል የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች አሰርን። ዓይን የማያየውን ቀለም ከሰሉ ይይዘዋል።

ከ31 ሰዓት በኋላ የታችኛው መንደር ምንጭ አረንጓዴ ሆነ። በሰዓት 100 ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ያውም በቀጥታ መስመር ሲለካ። አሸዋ ውስጥ የሚሄድ የከርሰ ምድር ውኃ በቀን ጥቂት ሜትር ቢሄድ ነው። የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። ከኩሬው 900 ሜትር ብቻ የሚርቀው ምንጭ ከሰል ላይ ምንም አልተገኘም። ከላይ ተራራው ውኃውን ወደዚያ የሚያፈስ ይመስላል። ከታች ግን ቦዩ የራሱ አቅጣጫ አለው።

ይህ ውጤት ሌላ ሥራ አመጣ። ሰዉ የሞተ ከብት የሚጥለው እዚያው አጠገብ ባለ ሌላ ጎድጓዳ ውስጥ ነበር። አፈርና አሸዋ ውኃን ያጣራሉ። የኖራ ድንጋይ ቦይ ግን አያጣራም፤ ከላይ የገባው ከታች እንዳለ ይወጣል። የምንጩን ዙሪያ ብቻ አጥሮ «ተጠብቋል» ማለት እንደማያስኬድ የመንደሩ ሴቶች ከኛ ቀድመው ገባቸው። ቀለሙን በዓይናቸው አይተውታል። ጎድጓዳው በዚያው ሳምንት ታጠረ።

ጉሮሮውን በአፈር ለመድፈን የሞከሩ ነበሩ። አንድ መኪና አፈር ገለበጡበት፣ በሚቀጥለው ዝናብ ጠፋ። በመጨረሻ እስከ ድንጋዩ ቆፈርን። ጉሮሮው ላይ ከአፉ የሚበልጡ ቋጥኞች አጋደምን። ከላያቸው አነስ ያለ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ ደረብን። ውኃው እንደ ልማዱ ይገባል፤ አፈሩ ግን ይቀራል። ኩሬውን እዚያ የማቆየት ሐሳብ ተተወ።

አዲሱን ቦታ ስንመርጥ ሽማግሌውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። ጥቁር ድንጋይ ያለበት፣ የኖራ ድንጋዩ የሚያልቅበት ወገን ወሰዱኝ። ዝናብ ጥሎ ነበር። ዕቅድ አላወጣሁም፣ ቆፋሪም አልጠራሁም። የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ ውስጥ የቆመውን ውኃ በችካል ምልክት አድርጌበት ተመለስኩ። በዘጠነኛው ቀን ስመጣ ውኃው ገና አልደረቀም ነበር።