የአራት አገር ገንዘብ በአንድ ድምር

2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የንግድ ቢሮ ሂሳብ እሠራ ነበር። ዕቃ እየገዛን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ከሻጮች የሚመጡት ኢንቮይሶች ግን በየገንዘቡ ነበሩ። የዶላር አለ፣ የድርሃም አለ፣ የኩዌት ዲናር አለ፣ ዩሮም አለ።

አንድ ጠዋት አለቃችን "ለዚህ ዙር ስንት ዶላር ላዘጋጅ?" አለን። ክፍያውን የያዘችው ባልደረባዬ የኤክሴል ሠንጠረዡን ከፈተች። 12,000 ዶላር፣ 45,000 ድርሃም፣ 2,500 ዲናር እና 6,000 ዩሮ ነበር። ከታች የወጣው ድምር $65,500 ይላል።

ድምሩን ሳየው ዓይኔ የድርሃሙ መስመር ላይ ቆመ። አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው። ይህ ለዓመታት የተቆረጠ ተመን ስለሆነ ዱባይ የሚሠራ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ 45,000 ድርሃም 12,000 ዶላር አካባቢ እንጂ 45,000 ዶላር ሊሆን አይችልም።

ኤክሴል አልተሳሳተም። ሴሉ ላይ የሚታየው የገንዘብ ምልክት ልብስ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው 45000 የሚል ባዶ ቁጥር ነው። SUM ደግሞ ቁጥሩን እንጂ ምልክቱን አያይም። የዶላር ምልክቱም ድምሩ ላይ የመጣው የመጀመሪያው ሴል በዶላር ስለነበረ ነው። አደገኛው ይሄ ነው፤ የተሳሳተው ቁጥር ትክክለኛ ምልክት ይዞ ይወጣል።

ባልደረባዬ ወዲያው ገባት። ድርሃሙን ለ3.6725 አካፈለችና 12,253.23 አገኘች። ከዚያ በዚያው መንገድ ቀጠለች። ዲናሩን በዕለቱ ተመን ለ3.27፣ ዩሮውን ለ1.08 አካፈለች። አዲሱ ድምር 30,573.32 ዶላር ሆነ። ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሲያዩት ያሳምናል።

"ቆይ እስቲ፣ አንድ ዲናር ስንት ዶላር ነው?" አልኳት።

"ሦስት ከምናምን።"

"ታዲያ 2,500 ዲናር ወደ ዶላር ሲመጣ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?"

እሷ የያዘችው 764.53 ነበር። ወዲያው አጠፋችው። ድርሃም ከዶላር ያንሳል፣ ተመኑም የሚነገረው "አንድ ዶላር ይህን ያህል ድርሃም" ተብሎ ነው። ዲናርና ዩሮ ግን ከዶላር ይበልጣሉ፣ የሚነገሩትም በተቃራኒው "አንዱ ይህን ያህል ዶላር" ተብሎ ነው። ስለዚህ ድርሃሙ ይካፈላል፣ ሁለቱ ይባዛሉ። ዲናሩ 8,175፣ ዩሮው 6,480 ሆነ። እውነተኛው ድምር 38,908.23 ዶላር ነው። በማካፈሉ ብንሄድ ኖሮ ከ8,000 ዶላር በላይ ይጎድለን ነበር፤ ያ ማለት አንዱ ሻጭ ገንዘቡን ሳያገኝ ዕቃችን መጋዘን ይቀራል ማለት ነው።

"ይህኛው ይባዛል፣ ያኛው ይካፈላል" እያሉ በቃል መያዝ ግን አያዛልቅም። ሠንጠረዡን እንደገና ሠራነው። መጠኑ በA ዓምድ፣ የገንዘቡ ኮድ በB ዓምድ ገባ። ጎኑ ላይ፣ F ላይ ኮዱን G ላይ ተመኑን የያዘ ትንሽ የተመን ሠንጠረዥ አኖርን። እዚያ ሁሉም ተመን የሚጻፈው ለአንድ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው፦ የዚህ ገንዘብ አንዱ ስንት ዶላር ነው? USD 1 ነው፣ KWD 3.27፣ EUR 1.08። AED ላይ 0.27 ብለን አልጻፍንም፤ =1/3.6725 ብለን ተውነው። 0.27 ብንል 45,000 ድርሃም 12,150 ይሆንና ከ100 ዶላር በላይ ይበላን ነበር። እንዲህ ሲሆን ሁሉም መስመር ይባዛል፦

```
=A2*VLOOKUP(B2,$F$2:$G$5,2,FALSE)
```

የሚደመረው ይህ ዓምድ ብቻ ነው። FALSE የምትለዋን መተው የለብንም። እሷ ካለች፣ ተመን ያልተጻፈለት ገንዘብ ሲመጣ #N/A ይወጣል፣ ድምሩም አብሮ ይቆማል። ባልደረባዬ IFERROR ጨምራ ዜሮ ልታደርገው አስባ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ዜሮ ከሆነ ያ ኢንቮይስ ከድምሩ ሲጠፋ ማንም አያየውም።

ወዲያው ደግሞ ከአዲስ አበባ የትራንዚት ሥራ ሂሳብ መጣ፤ 570,000 ብር ይላል። ሲላክልን ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር 10,000 ዶላር ገደማ አስበንለት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዶላር በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ወጣ። ያው 570,000 ብር 7,700 ዶላር አካባቢ ሆነ። የብሩ መጠን አልተነካም፣ ድምራችን ግን ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ተመን ጎን የተወሰደበትን ቀን እንጽፋለን፤ በመጀመሪያው ገንዘብ የተጻፈውንም መጠን አንሰርዝም። ለአለቃችን ድምሩን ስንነግረው "በዛሬ ተመን" ብለን ነው፤ ገንዘቡ በሚወጣበት ጠዋት ተመኖቹን ብቻ ቀይረን እንደገና እናየዋለን።